ስለ ትናንቱ የታሮት ካርድ

ሰላም የኔ ቆንጆ። ሌሊት የላክሽውን ድምፅ ጠዋት ነው የሰማሁት። አራቱንም። የመጨረሻውን ሁለቴ ደግሜዋለሁ፣ ለቅሶሽ ቃሉን እየዋጠው አልሰማ ብሎኝ። ልደውልልሽ ነበር፣ ግን ከደወልኩ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ እኔም የማልችለውን ቃል እገባልሻለሁ። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። የሰይፍ ሦስትን ስገለብጥ «ውይ» ብያለሁ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። አንቺ ደግሞ ካርዱን ሳይሆን ፊቴን ነበር የምታዪው። ከዚያ ወዲያ ያልኩሽ ነገር አንድም ጆሮሽ አልገባም፣ ምክንያቱም እስከዚያች ደቂቃ በየካርዱ ስትጠይቂኝ ቆይተሽ ድንገት ዝም አልሽ። ስንት ዓመት ካርድ ዘርግቼ ፊቴን መግዛት አለመቻሌ ያሳፍራል። ይቅርታ።

አሁን ያነሳሽውን ፎቶ አውጪውና አብረን እንየው። ልብ አለ፣ ሦስት ሰይፍ ተሰክቶበታል፣ ከኋላው ደመናና ዝናብ። ማንም ቢያየው ይደነግጣል። ግን ልብ በይ፣ ሥዕሉ ላይ ሰው የለም። ጥሎ የሚሄድ የለም፣ በር የሚዘጋ የለም። ልብ እንዳመመው ይናገራል፣ በቃ። እንዳመመሽማ ካርድ ሳንዘረጋም ታውቂያለሽ፣ ስትገቢ ዓይንሽ አብጦ ነበር።

ደግሞ የወጣበትን ቦታ እዪ። የዘረጋነው የኬልቲክ መስቀል ነው፣ አሥር ካርድ። የሰይፍ ሦስት ያረፈው ዘጠነኛው ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ የተስፋና የፍርሃት ቦታ ነው። ወደፊት የሚሆነው አይነበብበትም። ይዘሽው የመጣሽው ነገር ነው የሚነበብበት። የነገሩ መድረሻ የሚባለው አሥረኛው ነው። እዚያ ምን እንደወጣ ታስታውሻለሽ? አታስታውሺም፣ እርግጠኛ ነኝ። ቁጥር 14 ነው የወጣው፣ አንድ እግሩን ውሃ ውስጥ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጎ ከአንዱ ዋንጫ ወደ ሌላው የሚቀዳው መልአክ። እኔ ይሄን ካርድ ሳነበው ቀስ በሉ፣ አትቸኩሉ የሚል ነው። አትለያዩም ብዬሽ እንዳይመስልሽ። እሱን አላውቅም። ካርዱም አያውቅም። ሰውዬሽ ክፍሉ ውስጥ አልነበረማ።

መብረቅ የሚመታው የግንቡ ካርድስ ብለሻል። ግንቡ ያለፈው ቦታ ላይ ነው ያለው እህቴ። መብረቁ ወድቆ አልፏል። ሥራ ቀይሮ ሌላ ከተማ ሊሄድ መሆኑን ከራሱ ሳይሆን ከእህቱ አፍ የሰማሽ ቀን ነው የወደቀው፤ ይሄን ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ፣ ገና ቁጭ ሳትዪ።

እኔን ይልቅ ያሳሰበኝ ሰባተኛው ነው፣ ያንቺ ቦታ። የዋንጫ አምስት። ጥቁር ካባ የለበሰው ሰውዬ የተደፉትን ሦስት ዋንጫዎች አቀርቅሮ ያያል፣ ከኋላው ሁለት ሳይደፉ ቆመዋል፣ ዞር አላለም። ትናንት ማታ ያደረግሽው ይሄንኑ ነው። በስልክሽ አፕ ሦስቴ ደግመሽ አወጣሽ፣ ጥሩ የወጣውን «ይሄ ለማጽናናት ነው» ብለሽ ተውሽው፣ መጥፎውን አመንሽ። 78 ካርድ እኮ ነው ያለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታወጪ ካደርሽ ሁሉም ተራ በተራ ይወጣል! እባክሽ አፑን ዛሬ አጥፊው። እኔም ድጋሚ አልዘረጋልሽም፣ ልክፈል ብለሽ የላክሽውንም ብር መልሼልሻለሁ።

የጻፍሽለትን መልእክት አንብቤዋለሁ፣ «ሳትሄድ እኔ ልሂድልህ» የሚለውን። አትላኪው። ቁጣሽ ገብቶኛል፣ ግን ሰውዬው ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ ቅጣቱ ሊደርሰው ነው፣ እሱ ግን ችሎት መኖሩንም አልሰማም። የካርዱንም ፎቶ አትላኪለት። ካርድ እንዲህ አለኝ ካልሽው ስለ ካርዱ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ስለ ሥራው ሳታወሩ ትቀራላችሁ፣ ከዚያ የፈራሽው ነገር ቢመጣ ካርዱ አወቀ ትያለሽ። እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፣ ከአንድም ሁለት ሰው ላይ።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፣ በአካል። «መሄድህን ለምን ከእህትህ ሰማሁ?» በይው። ከዚያ ዝም በይ። መልሱን አንቺ አትሙይለት፣ እንደሱ ታደርጊያለሽ። ምናልባት የሚለው ነገር ያሳምምሽ ይሆናል። ቢሆንም ከራሱ አፍ ነው የምትሰሚው።

ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም ብለሻል። እሱን ቶሎ አስተካክዪ፣ ዛሬ ሌሊትም ብቻሽን አትደሪ፣ ታላቅሽን ጥሪያት፣ ከሥራ እንደወጣች ትምጣ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። ካርዶቹ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ አላወጣቸውም፣ ዝም ብለን እናወራለን።