ጉዳዩ፦ ደጋግሞ የሚያፈሰው የመኝታ ቤት ኮርኒስ ከምንጩ እንዲጠገን ስለ መጠየቅ

ቀን፦ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተከበሩ አከራዬ ለአቶ አስማረ
ባሕር ዳር

ጋሽ አስማረ፣ እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ እንዴት ናቸው? እኔና ልጆቼ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የያዝነውን ጾመ ፍልሰታ በሰላም ያስፈጽመን።

ይህን ጉዳይ እስካሁን በስልክ ስነግርዎት ቆይቻለሁ፤ እርስዎም አንድ ጊዜም ቢሆን ቅር ሳይሰኙ ሰው ልከውልኛል። ይሁን እንጂ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ በሁለት ክረምት ውስጥ አራት ጊዜ ተለጥፎ ትናንት ሌሊትም እንደገና ስላፈሰሰ፣ በስልክ የሚባለውም «አፈሰሰ»፣ «እሺ፣ ሰው ይመጣል» ከመባባል ስለማያልፍ፣ የደረስኩበትን ሁሉ አንብበው እንዲወስኑበት በጽሑፍ ማቅረቡን መርጫለሁ።

ቤቱን በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስከራይ ኮርኒሱ ንጹሕ ነበር። መጀመሪያ ያፈሰሰው በሚቀጥለው ሰኔ፣ በረዶ የቀላቀለው ያ ትልቅ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ሲሆን፣ የላኩት ልጅ ወጥቶ ሬንጅ ቀብቶ ወረደ፤ ሦስት ሳምንት ያህል አረፍን። በሐምሌ መጨረሻ እንደገና ሲያፈስ ሬንጁ ላይ ሌላ ሬንጅ ተደረበ። በጋው ሲገባ ነገሩ ተረሳ፤ በጋ ደግሞ የሚያፈስ ቤትን ሁሉ ደኅና ያስመስለዋል፤ እኔም ያኔ አለማሳሰቤ ጥፋቴ ነው። በዚህ ዓመት ሰኔ 19 ቀን የላሉ የቆርቆሮ ሚስማሮች ተነቅለው በአዲስ ተተኩ፤ ሐምሌ 15 ቀን ደግሞ የቁራጭ ቆርቆሮ ልጣፊ ተመታበት። ልጣፊው የቆየው አሥራ ሁለት ቀን ነው።

የነገሩን አካሄድ ለመከታተል እንዲመቸኝ፣ ካፈሰሰ ቁጥር በኮርኒሱ ላይ የእድፉን ዳር በእርሳስ ከብቤ ቀኑን ስጽፍበት ቆይቻለሁ። ለተማሪ የቤት ሥራ ማረም የለመደ እጅ ያላመጣው የለም ብለው ይሥቁብኝ ይሆናል፤ ነገር ግን አሁን ከአልጋዬ ላይ ቀና ስል የማየው፣ ዳር ዳሩ ቡናማ፣ ቀለበቱ በቀለበት ላይ የተደራረበ ሰፌድ የመሰለ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቀለበት ከሲኒ ማስቀመጫ ሳህን አይበልጥም ነበር፤ የመጨረሻው በሜትር ስለካው ከዳር እስከ ዳር 94 ሳንቲ ሜትር ሆኗል። መካከሉ ላይ ቺፕውዱ አብጦ ወደ ታች ስለረገበ በጣት ሲነኩት እንደ ረጠበ ዳቦ ይሰረጉዳል። ትናንት በቡሄ ሌሊት ብቻ አሥር ሊትር የሚይዘውን ባልዲ ሁለት ጊዜ ደፍቻለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስገባ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እርስዎን ሳላስፈቅድ አንዱን የቺፕውድ ቁራጭ አስከፍቻለሁና። ልጣፊው መልሶ ባፈሰሰበት በሐምሌ 27 ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ጎረቤታችን የሆኑት አናጺ ከጣራው ላይ ሆነው በጀሪካን ውሃ ሲያፈስሱ፣ እኔ ከታች በተከፈተው በኩል በስልኬ መብራት እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ልጁ ሬንጅ የቀባበትን፣ ማለትም በትክክል ከሚያንጠባጥበው በላይ ያለውን ቦታ አጠጡት፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ቀጥሎ አዲሶቹን ሚስማሮች በየተራ አጠጧቸው፤ አሁንም ደረቅ ነው። በመጨረሻ ውሃውን ዋናው ጣራና ኋላ የተቀጠለው የማድ ቤቱ ጣራ በሚገናኙበት ቦይ ውስጥ ሲያጠራቅሙት፣ አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ በሞራሌው ጎን ተንሸራቶ ሲመጣ በዓይኔ አየሁ። ሞራሌውን ተከትሎ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ሁለት እንጨቶች ከተጋጠሙበት ጉብታ ላይ ሲደርስ መንገድ አጥቶ ወደ ኮርኒሱ ወደቀ። ስለዚህ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲለጠፍ የነበረው ውሃው የሚያርፍበት ቦታ እንጂ የሚገባበት አልነበረም።

አናጺው እንዳስረዱኝ ከሆነ ጥፋቱ ከሦስት ነገር የመጣ ነው። የቦዩ አሸንዳ ወደ መውረጃው ማዘንበል ሲገባው መካከሉ ላይ ረግቦ ውሃ ያቁራል፤ ከጎረቤት ግቢ የሚረግፈው የባሕር ዛፍ ቅጠልም እዚያው ተኝቶ ይበሰብሳል፤ የዋናው ጣራ ቆርቆሮ ደግሞ በአሸንዳው ላይ የተዘረጋው አራት ጣት እንኳ በማይሞላ ልክ ስለሆነ፣ አሸንዳው ሲሞላ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ከቆርቆሮው ሥር ይገባል። ቀስ ብሎ ሲያካፋ የማያፈስሰውና ዶፍ በወረደ ቁጥር የሚያፈስሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱን በእጅዎ እየተቆጣጠሩ እንዳሠሩት፣ ማድ ቤቱን ግን በኋላ በችኮላ እንዳስቀጠሉት እርስዎው አጫውተውኛል፤ ይህን የማነሣው ሥራዎን ለመንቀፍ እንዳልሆነ ይረዱልኛል ብዬ ነው።

የሬንጁ ነገርም እንዲሁ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ የደብረ ማርቆስን የሌሊት ብርድ ደግሞ እርስዎ አይነገርዎትም። በላዩ የደረቀው ሬንጅ አብሮት ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል። ከዚህም በላይ አራቱም ጊዜ ጥገናው የተደረገው በክረምት፣ ቆርቆሮው ረጥቦ ሳለ ስለነበረ፣ ሬንጁ የያዘው እርጥበቱንና ዝገቱን እንጂ ብረቱን አልነበረም። ልጁን አልወቅሰውም፤ የታዘዘው እንዲለጥፍ ነው፣ ለጥፏል።

ጉዳቱን በዝርዝር እየጻፍኩ ላሰለችዎት አልፈልግም። አንድ የስፖንጅ ፍራሽና ግማሽ ጆንያ ጤፍ ተበላሽተውብኛል፤ ስለ እነርሱ ካሣ አልጠይቅም። ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ግን የኤሌክትሪክ መሥመሩን ነው። አምፖሉ የተሰቀለው ከእድፉ አንድ ስንዝር ርቆ ሲሆን፣ ነሐሴ 3 ቀን ማታ ማብሪያ ማጥፊያውን ስጫን ከኮርኒሱ ውስጥ የመንጫጫት ድምፅ ሰማሁ፤ መብራቱም ብልጭ ብሎ ጠፋ። በማግሥቱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስጠርቼ የዚያን ክፍል መሥመር ከቆጣሪው ሥር አስቆርጫለሁ። ባለሙያው ሲከፍተው የሽቦው መጋጠሚያ ረጥቦ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ወደ ሳሎን አውጥቼ አስተኛለሁ። የረገበው ቺፕውድ ራሱ ተገንጥሎ በተኛ ሰው ላይ እንዳይወድቅም እሰጋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቅዎት፣ ከእንግዲህ ልጣፊ የሚለጥፍ ሰው እንዳይልኩልኝ ነው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ቢባልም የእኛ አገር ዝናብ መስከረምንም እንደማይምር ያውቁታል። እናም ለአሁኑ አሸንዳው ከቅጠል ተጠርጎ መጋጠሚያው በወፍራም ሸራ ቢሸፈን፣ ሸራውም ሚስማር ሳይመታበት ዳር ዳሩ በአሸዋ በተሞላ ከረጢት ቢያዝ፣ የቀሩትን ሳምንታት ሊያሻግረን ይችላል። ይህን አናጺው በአንድ ቀን ይጨርሱታል፤ የሸራውን ዋጋና የቀን ክፍያቸውን 2,300 ብር እኔ ከፍዬ ከመስከረም ኪራይ ላይ እንዲታሰብልኝ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።

ዋናው ሥራ ግን ቆርቆሮው ሲደርቅ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ቢሠራ ይሻላል። የረገበው አሸንዳ ወጥቶ ሰፋ ያለና ወደ መውረጃው በደንብ ያዘነበለ አሸንዳ መግባት አለበት፤ በመጋጠሚያው በኩል ያሉት ስድስት ቆርቆሮዎች በረዘሙ ተለውጠው ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል በአሸንዳው ላይ መዘርጋት አለባቸው፤ የበሰበሰው ሞራሌም መቀየር አለበት። ኮርኒሱ የሚጠገነው ከሁሉ በኋላ ነው፤ እንዲያውም ጣራው በውሃ ተፈትኖ ደረቅ መሆኑ ሳይታይ አዲስ ቺፕውድ እንዳይመታ አደራ እላለሁ፤ አዲስ ቺፕውድ ፍሳሹን ደብቆ ያቆየዋል እንጂ አያስቀረውም። አናጺው ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ጨምረው ያወጡት ግምት 17,400 ብር ነው። ዋጋው ከበዛብዎት ወይም እርስዎ የሚያምኑት ሌላ ባለሙያ ካለ ያለ አንዳች ቅሬታ እቀበላለሁ፤ ብቻ የሚመጣው ሰው መጋጠሚያውን በውሃ ፈትኖ ሥራውን ከዚያ ይጀምር። እስካሁን ለአራቱ ጥገናዎች ያወጡትን ገንዘብ ቢደምሩት የአዲሱን አሸንዳ ዋጋ የሚያህል ይመስለኛል።

ውላችን በተራ ቁጥር 5 ላይ ቁልፍ፣ አምፖል፣ መስታወትና የቧንቧ ራስ በተከራይ፣ ጣራ፣ ግድግዳና መሠረት ደግሞ በአከራይ እንዲጠገኑ ይላል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የተከራየ ቤት ለተከራየበት አገልግሎት በሚሆን ሁኔታ እንዲጠበቅ አከራዩን ያስገድዳል። ይህን ያነሣሁት ለክስ እንዳይመስልብዎ። በሽማግሌ ፊት እንኳ መቀመጥ የሚያስፈልገን ሰዎች አይደለንም፤ የኪራይ 4,500 ብሬንም አንድ ወር ሳላሳልፍ ስከፍል ኖሬአለሁ፤ ጥገናው እስኪጠናቀቅም መክፈሌን አላቋርጥም። ሆኖም ከሁለት ክፍል አንዱ የማይታደርበት ስለሆነ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ክፍሉ እስኪመለስልኝ ድረስ በወር 1,000 ብር እንዲቀነስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ ባይስማሙ የሚያስቡትን ልክ ይንገሩኝና እንነጋገርበት።

የኮርኒሱን ፎቶግራፎች፣ ውሃው በሞራሌው ላይ ሲወርድ የቀረጽኩትን ቪዲዮና በአናጺው የተፈረመውን የዋጋ ግምት ይህን ደብዳቤ ይዞልዎት በሚመጣው ወንድሜ ስልክ ላይ ያገኟቸዋል፤ ግምቱን በወረቀትም አያይዤዋለሁ። ስለ ሸራው ያለዎትን ሐሳብ ቢቻል እስከ ነሐሴ 18 ቀን፣ ስለ ዋናው ጥገና ደግሞ እስከ ጳጉሜን 3 ቀን ድረስ በጽሑፍ ወይም በስልክ የጽሑፍ መልእክት ቢያሳውቁኝ፣ አናጺው የጥቅምትን ቀን ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ይጠብቁኛል። ራስዎ መጥተው ማየት ከፈለጉ ሁልጊዜም ቤት ነን፤ መሰላሉንም ከጎረቤት አስመጥቼ አቆይልዎታለሁ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር
ተከራይዎ
መምህርት ውባለም

አባሪ፦ የዋጋ ግምት 1 ገጽ