የጣና ካርዶች፦ ለሰኞው የሊምኖሎጂ ፈተና

ከፊት ጥያቄው፣ ከጀርባው መልሱ። ደብተሬ ላይ «ጣና፦ ጥልቀት፣ ንፋስ፣ ኦክስጅን» ብዬ በአንድ መስመር ያለፍኩት እዚህ ሦስት ካርድ ወጥቶታል፤ መምህሩ ቁጥር ጠይቆ አያበቃም፣ «ለምን?» ይላል። የትርጉም ጥያቄዎችን ትቻቸዋለሁ፣ እነሱን በታክሲ ላይም መሸምደድ ይቻላል። ኮከብ ያለበት እኔ ሁለቴ የሳትኩት ነው። ዶርም ውስጥ ስታዟዙሩ ቅደም ተከተሉን በውዙት።

ጥ፦ ጣና እንዴት ተፈጠረ?
መ፦ የመሬት ቅርፊት በሰጠመበት ጎድጓዳ ስፍራ ውሃ ተጠራቀመ፤ በደቡብ በኩል ደግሞ የፈሰሰ የባዛልት ላቫ መውጫውን ገደበው። «እሳተ ገሞራ» ብቻ ብሎ የጻፈ ግማሽ ነጥብ ያጣል።

ጥ፦ አማካይና ከፍተኛ ጥልቀቱ?
መ፦ 8 ሜትር ገደማ እና 14 ሜትር ገደማ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ፤ የሚቀጥሉት ሁለት ካርዶች ከዚህች ዐረፍተ ነገር የወጡ ናቸው።

ጥ፦ ★ ጣና ዓመቱን ሙሉ በሙቀት ተደራርቦ የማይቆየው ለምንድን ነው?
መ፦ ጥልቀት ስለሌለውና ሜዳው ላይ ንፋስ ስለማያጣ። ንፋሱ የላዩን ውሃ እስከ ታች ያማስለዋል፤ ሙቀቱ ከላይ እስከ ታች ተቀራራቢ ይሆናል፣ ኦክስጅንም ግርጌ ድረስ ይወርዳል። (ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ዳር ሄዳችሁ ሞገዱን እዩ፤ ከደብተር ይበልጣል።)

ጥ፦ በክረምት አልጌ ለምን አይፋፋም? ወንዞቹ እኮ ንጥረ ምግብ ይዘው ይገባሉ።
መ፦ ደለልም ይዘው ነው የሚገቡት። ውሃው ሲደፈርስ ብርሃን ጠልቆ አይገባም። ስለዚህ ማነቆው ምግብ ሳይሆን ብርሃን ነው።

ጥ፦ አራቱ ትልልቅ ገባር ወንዞች?
መ፦ ግልገል አባይ (ከደቡብ)፣ ጉማራና ርብ (ከምሥራቅ)፣ መገጭ (ከሰሜን)።

ጥ፦ ★ «ከጣና የሚወጣው ውሃ አባይ ብቻ ነው» እውነት ወይስ ሐሰት?
መ፦ በተፈጥሮ እውነት፤ ዛሬ ግን ሐሰት። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው ጣና በለስ ማመንጫ (460 ሜጋ ዋት) ከሐይቁ ምዕራብ ውሃ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ተፋሰስ ያፈስሰዋል። በለስም ዞሮ አባይን ይቀላቀላል፤ ይህችን ጨምሩባት።

ጥ፦ የጨረጨራ ግድብ ሥራው ምንድን ነው?
መ፦ ባሕር ዳር አጠገብ አባይ በሚወጣበት ቦታ የሐይቁን ከፍታና የሚለቀቀውን ውሃ መቆጣጠር። ለጢስ አባይ ማመንጫዎች ውሃ በበጋም እንዳይጎድል ይረዳል። ዋጋው፦ እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቅና ብዙ ውሃ መልቀቅ ተደራርበው ሐይቁ ሸሸ፤ የጀልባ ጉዞም ተስተጓጎለ።

ጥ፦ ናይል ፐርች ጣና ውስጥ ለምን የለም?
መ፦ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ያለው የጢስ አባይ ፏፏቴ (40 ሜትር ገደማ) ከታች የሚመጣን ዓሣ ያግዳል። ይኸው ግድግዳ የጣናን ዓሦች ለብቻቸው እንዲለዋወጡ አደረጋቸው።

ጥ፦ የጣናን ላቤዮባርበስ ልዩ የሚያደርገው?
መ፦ 15 ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ፣ ምናልባትም ከአንድ ቅድመ አያት። አፋቸውን ተመልከቱ፦ ሌላ ዓሣ የሚበላ፣ ከግርጌ የሚለቅም፣ ከላይ ነፍሳት የሚይዝ አለ። መምህሩ እዚህ ጋ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉ።

ጥ፦ በወንዝ አፍ መረብ መዘርጋት ከሐይቁ መሃል ይልቅ ለምን ይጎዳል?
መ፦ ብዙዎቹ ላቤዮባርበስ በክረምት ወደ ወንዝ ወጥተው ይራባሉ። ከመውጣታቸው በፊት አፉ ላይ ይሰባሰባሉ፤ መረቡ የሚይዘው እንቁላል የያዘችውን ነው። ዘግይተው ስለሚጎለምሱ ቶሎ አይተኩም። ቆሮሶ ግን ዳር ዳር ባለው ሣር ውስጥ ስለሚራባ በዚህ መንገድ አይጎዳም።

ጥ፦ ★ እምቦጭን በእጅ መንቀል ብቻውን ለምን አይበቃም?
መ፦ ሁለት መራቢያ አለው። ከእናቲቱ በሚዘረጋ ቅርንጫፍ አዲስ ተክል ይወጣል፣ የተረፈ ቁራጭም ያንሰራራል። ዘሩ ደግሞ በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ ውሃው ሲሸሽ ይበቅላል። ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ። «ነቅለን ዳር ላይ ብንተወውስ?» ብላ በስጋት የጠየቀችው የእኛው ልጅ ልክ ነበረች፤ ክረምት ሲመጣ ሐይቁ ይመልሰዋል።

ጥ፦ እምቦጭ ለምን በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በረታ?
መ፦ ሜዳማና ጥልቀት የሌለው ዳርቻ፣ ከእርሻ ማዳበሪያና ደለል የሚያመጡ ወንዞች፣ ተንሳፋፊውን ወደዚያ የሚገፋ ንፋስ። ሦስቱም ካልተጻፉ ሙሉ ነጥብ የለም።