«እንጀራዬ አይን አላወጣም» ለምትሉ

ከስላይዶቹ ስር የሚገባው ጽሑፍ

ዲሲም ሆነ ቨርጂኒያ ሰው ቤት ስንጠራ ወሬው ዞሮ ዞሮ እንጀራ ላይ ያርፋል። «እኔስ ትቼዋለሁ፣ ከሱቅ ነው የምገዛው» የሚል አይጠፋም። አቡክተው ያውቃሉ፣ ምጣድ አላቸው፣ ዱቄቱም ጥሩ ነው። እንጀራው ግን ድፍን ይላል። እንዴት እንደሠሩት ሲናገሩ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ትጎድላለች፤ አብሲት። ስለዚህ እዚህ ፖስት ላይ አብሲት ሰፋ ያለ ቦታ ወስዷል። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን። ልኩ የተሰጠው ለንጹህ ጤፍ ነው። ገብስ ወይም ስንዴ የምትቀላቅሉ ውሃውን በአይናችሁ እየመጠናችሁ ጨምሩ።

ስላይድ 1

እንጀራችሁ አይን አላወጣም?
ጤፉን አትውቀሱት።
አብሲት ጥላችኋል?
👉 ከዱቄት እስከ ምጣድ፣ ደረጃ በደረጃ

ስላይድ 2፦ የሚያስፈልገው

4 ኩባያ የጤፍ ዱቄት። ነጭም ቀይም ይሆናል።
ግማሽ ኩባያ እርሾ።
ለብ ያለ ውሃ።
ክዳን ያለው ሰፊ ዕቃ። ሊጡ ኩፍ ሲል እንዳይገነፍል ግማሹ ባዶ ይሁን።
ምጣድ፣ ወይም የማይዝ ሰፊ መጥበሻ ከነክዳኑ።

እርሾ ከየት? ጎረቤት ጠይቁ። እንጀራ የሚጋግር ሰው እርሾ አይከለክልም። ጠያቂ ሲያገኝ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ካጣችሁ ዱቄቱና ውሃው ብቻቸውንም ይቦካሉ፤ አራት አምስት ቀን መታገስ ነው። የዳቦ እርሾ ግን አታስገቡ። ቶሎ ያነሳዋል፣ ጣዕሙ ግን የእንጀራ አይሆንም።

ስላይድ 3፦ ማቡካት

ዱቄቱን ንፉ። 4 ኩባያ ያህል ውሃ አዘጋጁ፤ አንዴ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ በእጅ እሹት። የጓጎለ ነገር እስኪጠፋ። እዚህ ላይ ወፈር ይበል፤ ማቅጠኑ በኋላ ይመጣል።

እርሾውን ጨምራችሁ አዋህዱ። በመጨረሻ 1 ኩባያ ውሃ ከላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበትና አታማስሉ። ውሃው ሊጡን ሸፍኖ ይቀመጣል፣ ከላይ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል።

አይዳሆ የበቀለው ጤፍና ከአገር ቤት የመጣው እኩል ውሃ አይጠጡም። ኩባያ ከመቁጠር ሊጡን ማየት ይሻላል።

ስላይድ 4፦ ተዉት

ሞቅ ባለ ቤት ሁለት ቀን፣ በክረምት ሦስት። ሜሪላንድ በጥር ወጥ ቤቱ ፍሪጅ ነው፤ ኦቨን ውስጥ አስቀምጡትና መብራቱን ብቻ አብሩ። ኦቨኑን አታቀጣጥሉ። በሩ ላይም ወረቀት ለጥፉ፣ ሌላ ሰው ለዶሮ ብሎ እንዳያሞቀው።

መጀመሪያ አረፋ ይሠራል፣ ከፍ ይላል። ቀጥሎ ይረጋጋና ውሃው ጠልሎ ከላይ ይታያል። ሽታው ኮምጠጥ ያለ፣ ደስ የሚል ነው። ያን ጊዜ ደርሷል።

ጸጉር ያለው ሻጋታ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ከላይ ገፋችሁ አታድኑት። ሁሉንም ድፉት።

ስላይድ 5፦ ውሃውን አጥልሉ

ከላይ የጠለለውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። ግማሽ ኩባያውን በጠርሙስ ፍሪጅ አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ጊዜ እርሾ ነው። የቀረው ይደፋ። መኮምጠጥ ለማይወድ ቤተሰብ ይህን ውሃ በደንብ ማጥለል ነው መድኃኒቱ።

ስላይድ 6፦ አብሲት ምንድነው?

ከቦካው ሊጥ ትንሽ ተወስዶ፣ በውሃ በስሎ፣ ተመልሶ ሊጡ ውስጥ የሚገባው ነው።

ለምን? ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን የለውም። በመቡካት የሚፈጠረውን አየር አቅፎ የሚይዝለት ነገር ያጣል። ሊጡ ሲበስል ስታርቹ ይለጠጥና እንደ ቀጭን ገንፎ ይያያዛል። ይህ ተመልሶ ሲገባ ሊጡን ያስተሳስረዋል፣ አየሩንም ይይዛል። ለእርሾውም አዲስ ምግብ ይሆነዋል፤ ሊጡ እንደገና ይነቃል።

ያ አየር ምጣዱ ላይ ሽቅብ ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ ነው አይን የምንለው። አብሲት የሌለው ሊጥ አየሩን ቀድሞ ያባክነዋል፤ ምጣድ ላይ ሲደርስ የሚወጣ ነገር የለም።

ስላይድ 7፦ አብሲት አሠራር

1. ከሊጡ ግማሽ ኩባያ ውሰዱ። በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት።
2. በትንሽ ድስት 1 ኩባያ ውሃ አፍሉ።
3. ውሃው ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና የተበጠበጠውን አፍስሱ። ወዲያው አማስሉ። እጃችሁ አይቁም፤ ከቆመ ይጓጉላል።
4. ቀለሙ ጠቆር ብሎ፣ ድስቱ መሐል ጠብ ጠብ እያለ ሲፈላ አውጡት። ከማንኪያ ላይ በዝግታ የሚወርድ፣ አጥሚት የመሰለ ይሁን።

ከጓጎለ አትደንግጡ። በወንፊት አሳልፉት።

ስላይድ 8፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

አብሲቱን እንደወጣ ትኩሱን ሊጡ ውስጥ አትድፉት። የሁለት ቀን እርሾ በአንድ አፍታ ትገድላላችሁ።

ጣት አስገቡ። ሳያቃጥል የሚሞቅ ከሆነ በቂ ነው። ቀዝቅዞ በረዶ እስኪሆን ግን አትጠብቁ፤ ለብታው ሊጡን ለማንቃት ይረዳል። ጨምሩና በደንብ አዋህዱ።

አሁን ሊጡን አቅጥኑ። በማንኪያ አንስታችሁ ስታፈሱት ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ከፓንኬክ ሊጥ የቀጠነ፣ ከወተት የወፈረ። ከድኑት።

ስላይድ 9፦ ኩፍ ሲል

ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሰዓት ሳይሆን ሊጡን እዩ። ከፍ ይላል፣ ፊቱ በትናንሽ አረፋ ይሞላል፣ ጆሯችሁን ብታስጠጉ ይንሾካሾካል።

የሚጋገረው ያኔ ነው። «እስቲ አንድ ፊልም ልይና» ካላችሁ ተመልሶ ይወርዳል። ወርዶ ካገኛችሁት ትንሽ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩና ዳግም እስኪነሳ ጠብቁ። ምጣዱን መጣድ ያለባችሁ ሊጡ መነሳት ሲጀምር ነው፣ ከተነሳ በኋላ አይደለም።

ስላይድ 10፦ ምጣድ

በደንብ ይጋል። ጠብታ ውሃ ጣል ስታደርጉ ተንጫጭታ ወዲያው መጥፋት አለባት። በማሰሻ ጠረግ አድርጉት፤ ጎመን ዘር ካላችሁ እሰየው፣ ከሌለ ጨርቅ ላይ ጠብ ያለች ዘይት ትበቃለች። የማይዝ መጥበሻ ምንም አይፈልግም።

ሊጡን በጆግ ቅዱ። ከዳር ጀምራችሁ እያዞራችሁ ወደ መሐል ግቡ። ክፍት ቦታ ከቀረ ምጣዱን ዘንበል አድርጋችሁ ሙሉት። በማንኪያ አትዳብሱት፣ አይኑን ታጠፋላችሁ።

አሁን እጃችሁን ሰብስቡና ተመልከቱ። አይኑ ከዳር ጀምሮ ፍንጥር ፍንጥር እያለ ወደ መሐል ይመጣል። ፊቱ በሙሉ ሲሞላ፣ ገና እርጥብ እያለ፣ ክደኑት። ሳያወጣ ከከደናችሁት የጀመረውም ይጠፋል።

ሁለት ደቂቃ ያህል። ጠርዙ ራሱ ከምጣዱ ሲነሳ በሰፌድ አውጡ። አይገለበጥም። ትኩሱን በትኩስ ላይ አትደርድሩ፣ ይጣበቃል፤ ጨርቅ ላይ እየዘረጋችሁ አቀዝቅዙ።

ስላይድ 11፦ እንጀራው ምን አለ?
(ይህን ስላይድ ሴቭ አድርጉት)

አይን ጭራሽ የለም ➝ ምጣዱ አልጋለም፣ ወይም ሊጡ ኩፍ ብሎ ወርዷል። አብሲት ከሌለው ወደ ስላይድ 6 ተመለሱ።

አይኑ ጥቂትና የተራራቀ ➝ ሊጡ ወፍሯል። ትንሽ ውሃ።

አንድ ጎን አይናማ፣ አንድ ጎን ድፍን ➝ እሳቱ እኩል አይደርስም። ምጣዱን አዙሩ፣ ድፍኑ ጎን ከምጣዱ ጋር ሳይዞር እዚያው ከቀረ ጥፋተኛው ምድጃው ነው።

ይጣበቃል ➝ ምጣዱ አልተሟሸም፣ ወይም ቀዝቅዟል። ከእያንዳንዱ እንጀራ በኋላ እስኪግል ጊዜ ስጡት።

ጠርዙ ይሰነጠቃል ➝ ብዙ ቆይቷል። ቶሎ አውጡ።

ጀርባው ይጠቁራል ➝ እሳት በዝቷል።

አፍለኛ ነው፣ አልኮመጠጠም ➝ ምንም አልተበላሸም። የሚወደው ሞልቷል። ካልወደዳችሁት ቀጣዩን አንድ ቀን ጨምሩበት።

ስላይድ 12፦ የመጀመሪያዋን

የመጀመሪያዋ የምጣድ ማሟሻ ናት። በእሷ ሊጡንም ምጣዱንም ትለካላችሁ፤ አትፍረዱባት። ሙሉ እንጀራ ከማባከን በእፍኝ ሊጥ እንጎቻ ጋግሩ። ድፍን ከሆነች ከላይ ካለው ስላይድ ምክንያቱን ፈልጉ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ሁለተኛ እንጎቻ። ውሃም እሳትም አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። እንጎቻዎቹን ልጆቹ በቅቤና በበርበሬ ይጨርሷቸዋል። ልጅ ከሌለ እናንተው።

ስላይድ 13

ዛሬ ረቡዕ ነው።

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ፦ 4 ኩባያ ጤፍ፣ ውሃ፣ እርሾ። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።
ሐሙስና አርብ፦ ዕቃውን አትክፈቱ፣ አትነካኩ።
ቅዳሜ ጠዋት ከቡና በፊት፦ ውሃውን አጥልሉ፣ አብሲት ጣሉ።
ቅዳሜ ምሳ፦ ምጣድ።

ሊጡን እንዳቦካችሁ ኮሜንት ላይ «አቡክቻለሁ» በሉ። ቅዳሜ ጠዋት «አብሲት ሰዓት ነው» ብዬ በስማችሁ ስር እጽፍላችኋለሁ።

የመጀመሪያዋን እንጎቻ ፎቶ ላኩልኝ። በተለይ ድፍኗን።