የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፦ የክሊኒካችን ግዴታዎች

ነሐሴ 1 ቀን 2016፣ ለሁሉም ክፍሎች

☐ የላቦራቶሪ ውጤት በግል ቴሌግራም መላክ ይቁም። ኃላፊ፦ የላቦራቶሪ ኃላፊ። ከዛሬ ጀምሮ።

☐ መረጃ ካፈተለከ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ። ሰዓቱ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ችግሩን ያየ ሰው፣ ተረኛ ነርስም ብትሆን፣ ሌሊትም ቢሆን ይደውል። የማሳወቂያ ቅጹና የስልክ ዝርዝሩ ይዘጋጅ። ኃላፊ፦ የአይቲ ባለሙያ። እስከ ነሐሴ 10።

☐ የታካሚ መረጃ የት የት እንዳለ መመዝገብ፤ የድሮ ካርዶችም ይቆጠራሉ። ኃላፊ፦ ካርድ ክፍል። እስከ ነሐሴ 15።

☐ የስምምነት ቅጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ። ታካሚው ሳይገባው ማስፈረም ስምምነት አይባልም። ኃላፊ፦ ሜዲካል ዳይሬክተር። እስከ ነሐሴ 24።

☐ የምዝገባ ጥያቄ ለባለሥልጣኑ። ኃላፊ፦ የሕግ አማካሪ። እስከ መስከረም 20 ቀን 2017።