ለፊዚክስ መምህሬ የላክሁት መልእክት

ጤና ይስጥልኝ ቲቸር፣

ብሩክ ነኝ፤ በ2004 ዓ.ም. 10ኛ "ለ" ያስተማሩኝ። መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ "ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" እያልኩ የማደርቅዎት ልጅ። ስልክዎን ከክፍል ጓደኛዬ ነው ያገኘሁት፤ ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አለኝ።

ዘንድሮ እኔም ማስተማር ልጀምር ነው። ያውም ፊዚክስ! (ይሳቁ፣ አልቀየምም።) ጠመኔ በክር አስረው ፔንዱለም ሲያሳዩን 60 ተማሪ ትንፍሽ አይልም ነበር። እንዴት አድርገው ነው? መስከረም ላይ ክፍል ሳልገባ ይህን ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከተመቸዎት፣ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማኪያቶ ልጋብዝዎት? ቦታና ሰዓቱን እርስዎ ይምረጡ። መውጣቱ ካልተመቸዎት በስልክም ይበቃኛል።

ሂሳቡ ግን የኔ ነው፤ እንዳይከራከሩኝ።

አክባሪዎ፣
ብሩክ