ደጀን ከኋላ ነው

ለድምፃዊው፣ ለክራርና ለማሲንቆ፣ ለኪቦርድና ለቤዝ የተዘጋጀ፤ ለባሕር ዳሩ ቀረጻ

ቅኝት፦ ትዝታ ማይነር፣ መነሻ ላ። ድምፆቹ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ።
ምት፦ 6/8፣ በደቂቃ 60፣ በባር ሁለት ምት። ጠቅላላ 128 ባር፣ 4 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ።
ክራር፦ ባለ 6፤ አምስቱ በቅኝቱ፣ ስድስተኛው ላይኛው ላ።

መግቢያ፣ 8 ባር። ማሲንቆ ብቻውን ከላይኛው ላ ተነስቶ ወደ ሚ ይወርዳል። ክራር በ5ኛው ባር ይገባል፤ ከበሮ የለም።

አንደኛ ቤት፣ 16 ባር

ከማርቆስ ሲነሳ፥ ማለዳ መኪናው፣
የጮቄ ጉም ነበር፥ ዓይኔን የሸፈነው።
በመስኮቱ ወጥቶ፥ መዳፍሽ ሲነካኝ፣
ሙቀቱ ነው ዛሬም፥ ሌሊት የሚያነቃኝ።

ግጥሙ የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ እረፍት፣ ስድስት ቀለም። ስድስቱ ቀለም በአንድ ባር ተኩል ያልቃል፤ የተረፈው ግማሽ ባር የማሲንቆው መልስ ነው። ድምፃዊው ያንን ግማሽ ባር በ«ኦሆ» ከሞላው ማሲንቆው መድረሻ ያጣል። እዚህ ቤት ላይ ቅላጼ አይበዛም፦ «ሸፈነው» ላይ ዶ–ሲ–ላ አንዴ፣ «ሚያነቃኝ» ላይ አንዴ። ገና ከመነሻው ጉሮሮ ከተፈታ አዝማቹ የሚያድግበት ቦታ አይቀርለትም።

አዝማች፣ 16 ባር

ዓባይ በረሃውን፥ ወርደሽ ስትሻገሪ፣
ደጀን ከኋላ ነው፥ ዞር ብለሽ ተጣሪ።
መንገዱ ቢረዝም፥ ድልድዩ ቢርቅሽ፣
እዚያው ቆሜያለሁ፥ እስኪሰማኝ ሳቅሽ።

ኅብሩ «ደጀን» ነው። ሰሙ ከገደሉ አፍ ላይ ያለችው ከተማ፣ ወርቁ መከታሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ «ደጀንን» ወይም «ደጀኔ» ተብሎ አይዘፈን፤ አንዷ ፊደል ከተጨመረች ወይም ከተለወጠች ከሁለቱ ፍቺ አንዱ ይሞታል። ጎጃም ውስጥ ቅኔ የሚሰማ ጆሮ ብዙ ነውና ይህች ቃል እንዳትበላሽ።

አወራረዱ፦ «ደ» ሚ ላይ ቀጥ ብሎ ይያዛል። «ጀን» ፋ ላይ ወጥቶ እንደ ያሬዳዊው ርክርክ ፋ–ሚ–ፋ–ሚ ይረገበገባል፣ አራት ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ዶ ይወርዳል። አጭር ትንፋሽ። «ከኋላ ነው» ያለ ምንም ጌጥ ዶ–ሲ–ላ። ትንፋሿ ካልተወሰደች ሰሚው ሰሙን ብቻ ሰምቶ ያልፋል።

ርክርኩ የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከሚ ወደ ዶ ሲወረድ ሬ ላይ መቆም ነው። መንሸራተት ችግር የለውም፤ ሬ ላይ ከተቆመ ግን ቅኝቱ ይደበዝዛል። ሁለተኛው ትንፋሽ ሲያልቅ ፋ ወደ ሚ፣ ዶም ወደ ሲ መጠጋቱ ነው። የዚህ ቅኝት እንባ ያለው በፋና በሚ፣ በዶና በሲ መካከል ባለችው ግማሽ እርምጃ ውስጥ ነው፤ እሷ ከጠፋች የሚቀረው ባዶ መንቀጥቀጥ ነው። መድኃኒቱ በ40 ምት፣ ከክራሩ ጋር፣ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ብቻ አርገብግቦ መለማመድ፤ አራቱ በኋላ ይመጣል።

መሸጋገሪያ፣ 8 ባር፤ ከበሮ ይግባ፣ ቀስ ብሎ።

ሁለተኛ ቤት፣ 16 ባር

ስልኬን እንደ ዳዊት፥ በደረቴ ይዤ፣
ኔትወርክ እስኪመጣ፥ አነጋሁ ተክዤ።
«ደህና ነኝ» ካልሽማ፥ ይበቃኛል ለእኔ፣
የጤፍ ማሳው ሁሉ፥ ይለመልማል ለዓይኔ።

«ደህና ነኝ» ይነገር እንጂ አይዘፈን፤ ከበሮውም ለዚያች ምት ዝም ይበል።

አዝማች፣ 16 ባር። ከዚያ ማሲንቆና ክራር 8 ባር፤ ክራር ይጠይቅ፣ ማሲንቆ ይመልስ።

ለኪቦርድ፦ ላ ማይነር (ላ–ዶ–ሚ) እና ፋ ሜጀር (ፋ–ላ–ዶ) ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው፤ በእነሱ ይሠራ። ሚ ላይ ሲኬድ ሚና ሲ ብቻ ይያዙ። ሚ ሜጀር ሶል ዲየዝ፣ ሶል ሜጀር ሶልና ሬ ያስገባል፤ ድምፃዊው በሚያርገበግብበት ሰዓት ከጀርባው ባዕድ ድምፅ ይጋጨዋል። ቤዙም በላ፣ ፋና ሚ ይወሰን።

ሦስተኛ ቤት፣ 16 ባር

መስከረም ሲጠባ፥ አደይ ሲፈነዳ፣
ቶሎ ነይ ዓለሜ፥ ቡናችን ሲቀዳ።
ሁለት ሲኒ አጥቤ፥ አንዱን ላንቺ ላኑር፣
ቤቱ ሰው ቢሞላም፥ ያላንቺ ምን ሊያምር።

«ያላንቺ» የዘፈኑ ጫፍ ነው፦ ላይኛው ዶ፣ ሙሉ ድምፅ፣ ከዚያ ዶ–ሲ–ላ–ፋ–ሚ በአንድ ትንፋሽ ቁልቁል።

የመጨረሻ አዝማች፣ 16 ባር፤ መውጫ 8 ባር፣ «ደጀን ከኋላ ነው» ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ያለ ከበሮ፣ ላ ላይ።

ለስቱዲዮ፦ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከተከፈተ በአምስቱ ድምፆች ብቻ ይወሰን፤ ርክርኩ ላይ ይዘጋ። አለበለዚያ እርግብግቡን እንደ ደረጃ ይቆራርጠዋል።