እርጥብ ብር

ትርንጎ ካርታው መጉደሉን ያወቀችው በጣቷ ነው። ስድስት ዓመት ባንክ መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ብር ስትቆጥር ኖራለች፤ የታሰረ መቶ ኖት አንስታ ሁለት መጉደሉን ሳትፈታው ታውቃለች ይላሉ የሥራ ባልደረቦቿ። ትንሽ አጋንነው ይሆናል። ቢሆንም እትዬ ዘውዲቱ «በግራ እጅሽ ሦስት ቦታ ክፈይው» ብለው ሲያቀብሏት፣ ገና መዳፏ ላይ ሲያርፍ ሳሳባት።

«እትዬ፣ ይህ ካርታ ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው እንጂ። ሦስት ብቻ ነው የጎደለው፤ የልጅ ልጄ አኘከብኝ።»

ሰላማዊት በክርኗ ጎሸመቻት። ወደዚህ ቤት ያመጣቻት እርሷ ናት። ባለፈው ዓመት የጠፋ የአንገት ሀብሏ ያለበትን እትዬ ዘውዲቱ ነግረዋት እንዳገኘች ለሰማም ላልሰማም ታወራለች። ሀብሉ የተገኘው ከአልጋ ሥር ነው። የጠፋ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነው፤ ይህን ለሰላማዊት ማስረዳት ግን ትርፉ ድካም ነው።

ቤቱ ግሽ ዓባይ ሰፈር ውስጥ፣ ባጃጅ የማይገባበት ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ትርንጎ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ነው የገባችው። ደንበኛ ቢያያት ታፍራለች፤ የንስሐ አባቷ ቢሰሙ ደግሞ የሚያዙባት ስግደት ለጉልበቷም አይበጅም። ክፍሉ የዕጣንና የከሰል ጭስ ይሸታል። ጥግ ላይ ካርታ የሚያኝከው የልጅ ልጅ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

እትዬ ዘውዲቱ ካርታዎቹን በፕላስቲኩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ በአራት ረድፍ ደረደሯቸው። ከመታሸት ብዛት ጠርዛቸው ተተልትሏል። የቀይ ልቧን ንግሥት በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ይህች አንቺ ነሽ።» ሁለተኛው ረድፍ ላይ ንጉሥ ወጣ። «እርሱም ይኸውልሽ። መልካም ሰው ነው። ግን እጁ እርጥብ ሆኖ ይታየኛል። ውኃ ላይ ነው የሚውለው?»

ትርንጎ አልመለሰችም። ሰላማዊት ግን «ጀልባ ነው የሚነዳው!» ብላ አረፈችው። ከዚያ በኋላ እትዬ ዘውዲቱ ስለ ውኃ ብዙ ተናገሩ።

ትርንጎ በልቧ እየሳቀች ነበር። ሳቋ የቆመው በንግሥቲቱና በንጉሡ መካከል የነበረው ካርታ ሲገለበጥ ነው። የጦር ጫፍ የሚመስለው ጥቁር ዘጠኝ ነበር። ሴትዮዋ እጃቸውን ሰበሰቡ። ለደንበኛ የተለማመዱት ዝምታ አይመስልም ነበር፤ ይበልጥ ያስፈራትም ይኸው ነው።

«የደበቀሽ ነገር አለ» አሉ በመጨረሻ። «ሌላም አለ። ውኃ ስትሻገሩ አንድ ሰው ይቀራል።»

«ይቀራል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ይቀራል ነዋ፣ ልጄ። ካርታው የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኔ ምን ልጨምርበት?»

ሁለት መቶ ብር ከፈለች። እትዬ ዘውዲቱ ሳይቆጥሩ ብብታቸው ውስጥ ከተቱት።

ይበልጣል ሐሙስ ማታ የጠየቃት ጥያቄ ነበር ይህን ሁሉ ያመጣው። ጣና ዳር ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። እንደ ቴሌቪዥን ድራማ ቀለበት አውጥቶ አልተንበረከከም። የጫማውን ክር ሲያስር ቆይቶ፣ ቀና ሳይል «እሑድ ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ይቀየሙኝ ይሆን?» አላት። ልብሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እርሷም «ቅዳሜ ማታ እነግርሃለሁ» አለችው። ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ነገሩ ከጾሙ በፊት ካለቀ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ይደርሳል። ይህን ሁለቱም በልባቸው አስልተውታል።

የተዋወቁት በመስኮቷ በኩል ነው። ቱሪስቶችን ወደ ገዳማቱ አመላልሶ ሲመለስ እርጥብ ብር ያመጣላት ነበር። የባንኩ ማሽን እርጥብ ብር አይቆጥርም፣ ይነክሳል። ስለዚህ ትርንጎ ኖቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በትንሿ ማራገቢያ ታደርቃቸዋለች፤ እርሱም ከኋላው የተሰለፈውን ሰው ይቅርታ እየጠየቀ ቆሞ ይጠብቃል። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ካለፈው ሚያዝያ ወዲህ ግን መስኮቷ ላይ መጥቶ አያውቅም። እርሷን ለማግኘት በሩ ላይ ይጠብቃታል እንጂ አይገባም። እንግዳ ቀንሷል፣ ገበያ የለም ብላ ለራሷ ትነግር ነበር። ደግሞም እውነት ነው፣ እንግዳ ቀንሷል።

ዓርብ ሌሊት ጥቁሩ ዘጠኝ ሲመላለስባት አደረ። የደበቀው ነገር ሚስት ሆነ፤ ልጅ ሆነ፤ ጎርጎራ ማዶ ሌላ ቤት ሆነ። «አንድ ሰው ይቀራል» የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው ልታስበው አልደፈረችም። ኮሌጅ ሳለች የክፍል ጓደኛዋን ወንድም ጣና ወስዶታል፤ አስከሬኑ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

ቅዳሜ ሥራ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወረፋው አለቀና ትርንጎ ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጠጠች። የይበልጣልን የሂሳብ ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። አሥራ ሦስት አሐዝ ነው። አንድ ጊዜ ብትጽፈው የሚያዝያው ምክንያት ቁልጭ ብሎ ይታያታል፤ ማንም አያውቅባትም። እጇን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ከዚያ አንስታ የሳጥኗን ብር እንደ አዲስ መቁጠር ጀመረች። ሁለት መቶ ብር ከፍላ ጠንቋይ ቤት የሄደች ሴት በሰው ሂሳብ ላይ ይህን ያህል መጠንቀቋ ያስቃል። ግን እንደዚያ አደረገች።

ወደ ጀልባ ማቆሚያው ስትደርስ ይበልጣል ሊነሳ ነበር። ከሐኪም ቤት የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ዘጌ ሊያደርስ ነው።

«አሁን ንፋስ ይነሳል» አላት። «ስመለስ እንገናኝ።»

«እኔም እሄዳለሁ።»

አያት። ምንም ሳይናገር ብርቱካንማውን ተንሳፋፊ ሰደርያ አልብሷት ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አጠበቀው።

ጣና ጠዋት እንደ መስተዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ውኃ ነው። ደብረ ማርያምን ሳያልፉ ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን ይመታት ጀመር። እምቦጭ እየተቆራረጠ አጠገባቸው ይንሳፈፋል። አሮጊቷ የመድኃኒት ከረጢታቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ። ትርንጎ የመቀመጫውን ብረት ጨብጣ አንድ ነገር ብቻ ትቆጥር ነበር፤ ሰው። አሮጊቷ፣ እርሱ፣ እርሷ። ሦስት። ማዕበል ሲመጣ እንደገና፤ አሮጊቷ፣ እርሱ፣ እርሷ። አንድ ሰዓት ያህል ከዚህ የበለጠ ሒሳብ አልሠራችም።

ዘጌ ሲደርሱ ይበልጣል ሱሪውን ሰብስቦ ውኃ ውስጥ ገባና አሮጊቷን አዝሎ ድንጋዩ ላይ አቆማቸው። ገንዘብ ሊሰጡት መቀነታቸውን ሲፈቱ እጃቸውን መልሶ ዘጋው። «ወልዳችሁ ሳሙ» አሉና በቡናው ጫካ ውስጥ ወዳለው መንገድ ገቡ።

ትርንጎ በድንገት መሳቅ ጀመረች። ሳቁ አልቆም አላት።

«ምን ሆንሽ?»

«አንድ ሰው ቀረ» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ እትዬ ዘውዲቱን፣ የታኘኩትን ሦስት ካርታዎች፣ ጥቁሩን ዘጠኝ። ሊቆጣ ይችላል ብላ ነበር። እርሱ ግን የሞተሩን መዘውር ይዞ ቆሞ ቀረ፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየችው።

«የደበቀሽ ነገር አለ አሉሽ?»

«አለ እንዴ?»

ከመቀመጫው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አወጣ። የመጀመሪያው ደረጃ ተማሪዎች የሚይዙት ዓይነት፣ ሰማያዊ ልባስ ያለው ነው። በሚያዝያ የድሮው ሞተር ጨርሶ ተቃጥሎበት ነበር። ሌላ ያገለገለ ሞተር የገዛው በብድር ነው። «ልነግርሽ እልና መስኮትሽ ትዝ ይለኛል» አለ። «ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስትቆጥሪ ትውያለሽ። የእኔ ዕዳ ነው ብዬ ላስቆጥርሽ?»

ትርንጎ ደብተሩን ተቀበለችው። ዕዳው አላስከፋትም፣ ያስከፋት ስድስት ወር ሙሉ በር ላይ ቆሞ ፈገግ ማለቱ ነው። ይህንንም ነገረችው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የነገረችው። እርሱ አንገቱን ደፋ። ለራሱ መከላከያ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ልማዷ አሸነፋትና ደመረች። አጎቱ 80,000። ዕቁብ ቀድሞ በልቶ የቀረበት 60,000። የመለዋወጫ ነጋዴው 52,000። የእህቱ ባል 16,000። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ሁለት ጊዜ አስምሮበት፣ «ጠቅላላ 224,000» ብሏል። እንደገና ደመረች። 208,000 ነው። ገጾቹን ስታገላብጥ አገኘችው፤ የእህቱን ባል 16,000 አንድ ጊዜ በሁለተኛው ገጽ፣ አንድ ጊዜ በአራተኛው ገጽ ጽፎታል።

መስኮቷ ላይ በየቀኑ ሒሳብ የሚሳሳት ሰው ይመጣል። ሁሉም የሚሳሳተው ወደ ራሱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በራሱ ላይ የተሳሳተ ሰው አልገጠማትም።

ይህንን ያኔ አልነገረችውም። ደብተሩን በፌስታሉ ጠቅልላ መለሰችለትና «እንሂድ፣ ሳይመሽ» አለችው። ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ ንፋሱ በረድ ብሎ ነበር። ወደብ ላይ ስትወርድ «ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አለችው፤ እሺ ማለቷ ነው ወይ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ባጃጅ ውስጥ ገብታ ነበር።

ማታ አባቷን ከሬዲዮው ነጥላ «ነገ ሰዎች ይመጣሉ፤ ባንድ ጊዜ እሺ እንዳትል» አለችው።

«ማነው ባንድ ጊዜ እሺ የሚል?» አለ አባቷ ተቀይሞ። «ልጄን ከመንገድ አላገኘኋት!»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ አይሆንም ብለው ቆመው ተናገሩ። ከፊት የቆሙት አጎቱ ነበሩ፣ የ80,000ው ባለቤት። አባቷ ሰምቶ ሲያበቃ ጉሮሮውን ጠረገና ከዘመድ ጋር እንመካከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አለ። ሽማግሌዎቹም የጠበቁት ይህንኑ ስለነበር ደስ ብሏቸው ወጡ።

ጓዳ ውስጥ እናቷ የቡናውን ረከቦት እያነሳች «እኔ እንኳ ቁርጡን ልወቀው» አለች።

ትርንጎ ስልኳን ይዛ ነበር። «ድምሩ 208 ሺ ነው» ብላ ለይበልጣል ጻፈች። «የእህትህን ባል ሁለት ጊዜ ጽፈኸዋል፤ አንዱን ሰርዘው። ከነገ ጀምሮ ደብተሩ እኔ ዘንድ ይቀመጣል።»

መልሱ ቶሎ አልመጣም። ሲመጣም አጭር ነበር።

«ትናንት ማዕበሉ አርሶታል። ገጾቹ ተጣብቀዋል።»

«ሰኞ በመስኮቴ በኩል አምጣው» ብላ ጻፈችለት። «አደርቀዋለሁ።»